ለእንግዳ ያልኩት ቴምር

በጀሞ ኮንዶሚኒየም ከኔ የባሰ ስስታም ካለ ያስተዋውቁኝ። ጥሩ ነገር ቤት ሲገባ «ለእንግዳ ይቀመጥ» እላለሁ፤ እንግዳው ሲመጣ ግን ሻይ ብቻ አቀርባለሁ። ቴምሩ፣ ዘቢቡና ዘመድ ከውጭ የላከልኝ የደረቀ አፕሪኮት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቀው አብረውኝ ያረጃሉ።

ስስት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አላዋቂነትም አለብኝ። በበጋ የቴምሩን ፌስታል ስፈታ ፍሬው ሁሉ ነጭ ነገር ለብሷል። «ሻገተ!» ብዬ እንዳለ ከቆሻሻ ጋር አወረድኩት። ለካ ስኳር ነው። ቴምር ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ስለሆነ፣ እርጥበቱ ሲቀንስ ስኳሩ ቆዳው ላይ ወጥቶ ይጠጥራል። በጣት ሲያሹት እንደ አሸዋ ይቆረቁራል፤ ለብ ባለ ውሃ ሲነክሩት ሟሙቶ ይጠፋል። ይህን የነገረችኝ ለረመዳን ቴምር በካርቶን የምትገዛው ጎረቤቴ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ስኳር ትጥላለህ፣ ከዚያ ስኳር ተወደደ ትላለህ» አለችኝ።

አፕሪኮቱ የባሰ አዋረደኝ። ፓኬቱን ስከፍት የተጫረ ክብሪት ሸተተኝ፤ ጋዝ የፈሰሰ መስሎኝ ሲሊንደሩን ዘግቼ ልጆቹን ደረጃ ላይ አስወጣሁ። ሽታው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ፍሬው ሲደርቅ ቀለሙ እንዳይጠቁር የሚጨመር፣ ፓኬቱም ላይ ኢ220 ተብሎ የሚጻፍ። ያልተጨመረበት አፕሪኮት ቡናማ ነው። የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ አስም ያለበት ሰው ግን ይጠንቀቀው፣ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል።

እንግዲህ አዋቂ ሆንኩ። ክረምት ገባ፤ በተጣለው ምትክ የገዛሁት፣ አፉ በደንብ ያልታሰረው ቴምር እርጥበት ስቦ እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ እዚህም እዚያም ነጣ። በዕድሜዬ አንዴ ለአማቼ በሳህን አቀረብኩና «አይፍሩ፣ ስኳር ነው» አልኳቸው። አማቼ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ፍሬ አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ስኳር ጸጉር ያበቅላል?» ሲሉ ነው ጠጋ ብዬ ያየሁት። ነጩ ስር አረንጓዴ አለበት፤ ሲነካ ለስላሳ ነው፤ ከሳህኑም ጠጅ ጠጅ ይሸታል። ያ ሽታ እርሾ ስኳሩን መብላት እንደጀመረ ይናገራል። እኔ ግን የሻገተውን ቆርጬ ቀሪውን ለማትረፍ ቢላዋ አመጣሁ! ሻጋታ ከላይ ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ አንዳንዱም ታጥቦ የማይወጣ መርዝ ይተዋል። ከሳህኑ ጋር ቢላዋውንም የነጠቁኝ እሳቸው ናቸው።

የተከፈተ ደረቅ ፍራፍሬ አየር በማያስገባ ዕቃ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አንድ ወር ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ ስድስት ወር ያህል ይቆያል። ለስላሳው ቴምር ከፍሪጅ ውጭ ብዙም አይታገስም። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ካልተከፈተ ደግ ነው፤ አለዚያ ፍሬው ላይ ጤዛ ይይዛል። በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥ ቴምር ቀን አይጻፍበትምና የገዛሁበትን ጠርሙሱ ላይ እኔው እጽፋለሁ። ስድስተኛው ወር ሲቃረብ ግን ቀኑን ፍቄ በአዲስ ለመተካት እጄን ይበላኛል።