«ደህና አይደለሁም» «ተመስገን ነው!»

ማክሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜአለሁ። የመንጋጋ ጥርሴ ሦስት ሌሊት አላስተኛኝም፤ ቀኝ ጉንጬ አብጦ ፊቴ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የጎረቤት መስሏል። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ከወዲያ ሲመጣ አየኝ። «እንዴት ነህ? ሰላም ነህ? ሥራ እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና?» አለኝ። አራተኛውን ጥያቄ ሲጨርስ አራት እርምጃ አልፎኛል። እኔም ሕመሙ አናቴ ላይ ወጥቶ ነው መሰለኝ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቅሁትን መለስሁ።

«ደህና አይደለሁም» አልሁት።

«ተመስገን ነው!» ብሎኝ ሄደ።

አልተቀየምሁም። እንዲያውም ከዚያች ጠዋት ወዲህ ይህን ልማዳችንን ማድነቅ ጀምሬአለሁ። መልሱን ሳይሰማ የሚያመሰግን ጠያቂ የትም አገር አይገኝም።

መቼም ለዚህ ሥራ ያዘጋጀነው መሣሪያ ብዛቱ! ለሌሊቱ «እንዴት አደርክ?»፣ ለቀኑ «እንዴት ዋልክ?»፣ ለምሽቱ «እንዴት አመሸህ?»፣ ጥቂት ቀን ለተለያየ «ሰነበትክ?»፣ ብዙ ለቆየ «ከረምክ?»። «ከረምክ» ውስጥ ክረምቱ ራሱ አለ፤ በጋውን ላሳለፈ ደግሞ «ባጀህ?» ይባላል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። እንግዲህ «እንዴት ከረምክ?» ያላችሁ ሰው፣ ቃሉን ቃል ካላችሁት፣ የሦስት ወር ሪፖርት ጠይቋችኋል፤ ያፈሰሰው ጣሪያ፣ የልጆቹ ጉንፋን፣ የመስከረም ወጪ ሁሉ ይነገረኝ ማለቱ ነው። ሪፖርቱ ግን አንድ ቃል ነው፤ «ተመስገን»። እሷም ብትሆን ስለ ተጠያቂው የምትለው የለም። ስለ ሰውዬው ተጠየቀ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ቀረበ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

ሁለት ሰዎች እኩል ሲጠያየቁ ደግሞ እዩልኝ። «ደህና ነህ?» «ደህና ነህ?» «ሰላም ነው?» «ሰላም ነው?» ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፣ ስምንት ጥያቄ ይወረወራል፣ አንድም መልስ መሬት ሳይነካ ይለያያሉ።

የሚቆጨኝ ይህ ጥበብ መንገድ ላይ ባክኖ መቅረቱ ነው። ጤና ጣቢያ ሙሉ በሙሉ ይግባ እላለሁ። ግማሽ መንገድ ገብቷልኮ። በዚያው ማክሰኞ ተራዬን ስጠብቅ በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሰማሁ። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት እማማ?» ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንተስ ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው?» አሉት። እሱም ስለ ልጆቹ አመሰገነ። ከዚያ ዝም ተባባሉ። በኋላ «ታዲያ ምንዎን አመመዎት?» ሲል፣ እማማ ድምፃቸው ሌላ ሆነ፤ ጎናቸውን እንደሚወጋቸው፣ እህል አልረጋ እንዳላቸው፣ ከጥምቀት ወዲህ ሌሊት ቁጭ ብለው እንደሚያነጉ ተናገሩ። ልምድ ያለው ሐኪም ይህን ያውቃል። «እንዴት ነዎት?» ሰላምታ ናት፤ ምርመራው የሚጀምረው «ምንዎን አመመዎት?» ሲል ነው።

እኔ የምለው፣ ሁለተኛዋ ጥያቄ ለምን አትቀርም? ስንት ወረፋ በተቃለለ! ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ይላል፣ በሽተኛው «ተመስገን» ይላል፣ ካርዱ ላይ «ተመስገን» ተብሎ ይጻፋል፣ የሚቀጥለው ይግባ። ለላቦራቶሪው የሚሰጠው ደም ወይም ሽንት ሳይሆን ምስጋና ነው፤ በብልቃጥ አይቀዳም፣ አይበላሽም። የራጅ ባለሙያው ደረትን ከማንሳት «ውስጥዎ ሰላም ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ፋርማሲው ጠዋት አንድ ማታ አንድ «ይማርህ» ያድል፤ ከምግብ በፊትም በኋላም ይወሰዳል። የአምቡላንስ ሹፌር መኪና ሥር ወደተጋደመው ሰው ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ ደህና ነህ?» ይለዋል። ሰውየው ባህሉን የሚያውቅ ነውና እግሩ ወዲያ ተጥሎ እያየ «አለሁ፣ ተመስገን፤ አንተስ?» ይለዋል። ሹፌሩም ባዶውን ይመለሳል፤ ነዳጅ ተረፈ። በመጨረሻ አስከሬን ክፍል ይደረሳል። ተረኛው አንሶላውን ገለጥ አድርጎ «እንዴት ነዎት?» ሲል መልስ ያጣል። በጤና ጣቢያው ታሪክ ያልዋሸ የመጀመሪያው በሽተኛ ይህ ነው። ዘመድ ግን ደጅ ቆሞ ይሟገታል፦ «ትናንት ጠይቀነው ደህና ነኝ ብሎን ነበር!»

እዚህ ላይ ስቄ ላልፍ ነበር፤ አልቻልሁም። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። አባቷ ሞተው ሰልስታቸው ወጥቶ ሳለ ስልክ ደወለች። «ሁሉ ሰላም? አባዬ ደህና ነው?» ስትለኝ «ተመስገን፣ ደህና ናቸው፤ ትንሽ ጋደም ብለው ነው» አልኋት። መርዶውን እዚያ ያሉ ዘመዶች ተሰባስበው፣ ማልደው ቤቷ ሄደው እስኪያረዷት ይጠበቅ ተብሎ ነው። ብቻዋን ሳለች በስልክ እንዳትሰማው ነው፤ ደግነት አለበት፣ አውቃለሁ። ነገር ግን አፌ ያን ያህል የቀለለልኝ በደግነት አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሳላስብ ስለው የኖርሁት ቃል ስለሆነ ነው። ቅጥፈት ነበር። አሁንም ስታገኘኝ «እንዴት ነህ?» ብላ አትጠይቀኝም።

ወደ ሽሙጤ ልመለስ። አመላለሱን ለማያውቅ ለምሳሌ እዚህ ተወልዶ ውጭ ላደገ ልጅ እንዲህ ብዬ አስተምራለሁ። ቃሉን ተወውና ርዝመቱን ስማ። «ደህና!» ተብሎ ቶሎ ከተቆረጠ ሰውየው ይቸኩላል። «አለሁ» ካለ መኖሩን ብቻ ነው የመሰከረው። «አለሁ… እንግዲህ ምን ይባላል፣ ይመስገነው» ካለና መሐል ላይ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈርሷል። አንተ ግን እንዳትመልስ! ጥያቄዎቹ በሙሉ ተሟጥጠው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ዘይት ዋጋ ተወርቶ፣ ጠያቂው ዝም ብሎ ቆይቶ «ሌላስ?» እስኪል ጠብቅ። የሚጠይቅ ሰው ካለ ያኔ ነው የጠየቀህ። ችግሩ፣ እስከ «ሌላስ?» ድረስ ቆሞ የሚጠብቅ እግር ያለው ሰው ጥቂት ነው። የኔ ባልደረባ ለምሳሌ አራት እርምጃ ላይ ነበር።

ማታ ጥርሴን ተነቅዬ ስመለስ ሰፈሬ መግቢያ ላይ ጉልት የሚቸረችሩት ሴትዮ አዩኝ። ገና ከሩቅ ሽንኩርቱን ጥለው ብድግ አሉ፦ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያበጥኸው?! አስነቀልኸው? ድሮም ጠዋት ስታልፍ ጉንጭህን አይቼ ነበር፤ ልጠራህ ስል ታክሲው ወሰደህ። ና፣ ና ቅርንፉድ ልስጥህ፣ ድዱ ላይ ያዘው።» በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው በእጄ አስያዙኝ፤ ሂሳብም አልተቀበሉኝም።

እንደው ምን ዓይነት ስድ ሰው ናቸው! «እንዴት አመሸህ?» እንኳ አላሉኝም።