አላርሙ ጮኾ ነበር

በገና ሰሞን ለንደን ያለችው የቡናና የቅመም ሱቄ ተሰበረች። ሌቦቹ የኋላውን በር በብረት ፈልቅቀው ገቡ፤ የገንዘብ መሳቢያውን፣ አዲሱን የቡና መፍጫና ላፕቶፖቹን ይዘው ወጡ። ወደ 7,000 ፓውንድ የሚጠጋ ንብረት ነው። ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ፣ ቅጹንም ሞልቼ ላክሁ።

ሰንበትበት ብሎ ደብዳቤ መጣ። በፖሊሲው የሌባ አላርም ዋራንቲ መሠረት አላርሙ በየስድስት ወሩ በባለሙያ መፈተሽ ነበረበት፤ የኦገስቱ ፍተሻ አልተደረገም፤ ስለዚህ ካሳ አይከፈልም ይላል። እውነትም አልተደረገም። የጥገና ኩባንያው ቀጠሮውን ሰርዞ ሌላ ቀን ሳይሰጠኝ ቀርቷል። ደሜ ፈላ። አላርሙ እኮ ያን ሌሊት ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሷል!

አዲስ አበባ በኢንሹራንስ ሥራ ያረጁ፣ አሁን እዚሁ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። ደብዳቤውን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና፣ «ልጄ፣ ‹ፍተሻው ተደርጓል› ብለህ አትሟገት፤ አልተደረገም። ‹ያ ጉድለት ከዚህ ስርቆት ጋር ምን አገናኘው?› በላቸው» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ የተፈታው ከዚህች ጥያቄ ነው።

በእንግሊዝ አገር የቆየው ሕግ ጨካኝ ነበር። በ1906ቱ የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ የሰፈረው ደንብ፣ ዋራንቲ ለአደጋው ፋይዳ ኖረውም አልኖረውም በትክክል መፈጸም አለበት የሚል ነው፤ ከተጣሰ ኢንሹራንስ ሰጪው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከኃላፊነት ነፃ ይወጣ ነበር። ደንቡ ለሱቅም ለመጋዘንም ይሠራ ስለነበር፣ አላርሙ ያልተፈተሸ ሱቅ በጎርፍ ቢጠፋ እንኳ ባለቤቱ ባዶ እጁን ሊቀር ይችል ነበር። ይህን የለወጠው የ2015ቱ የኢንሹራንስ ሕግ ነው፤ ከኦገስት 12 ቀን 2016 ጀምሮ ለተገቡ ውሎች ይሠራል። በአንቀጽ 10 መሠረት ጥሰት ሽፋኑን ለዘለዓለም አይገድለውም፤ ጥሰቱ እስኪታረም ብቻ ያግደዋል። በአንቀጽ 11 ደግሞ፣ ግዴታው አለመፈጸሙ በደረሰው ሁኔታ የደረሰውን ጉዳት የመድረስ ዕድል ሊጨምር እንደማይችል ባለንብረቱ ካሳየ፣ ኢንሹራንሱ በዚያ ጥሰት ተመክቶ ክፍያ ሊከለክል አይችልም።

የማስረዳቱ ሸክም የእኔ መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። በ2024 አንዲት የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛም፣ የሚመዘነው የተጣሰችው ነጠላ ነጥብ ሳትሆን ግዴታው በሙሉ ቢፈጸም ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር የሚለው ነው የሚል አስተያየት ሰጥተዋል። ስለዚህ «የኦገስት ጉብኝት ለውጥ አያመጣም» ብሎ መጻፍ አይበቃም። እኔ የጻፍኩት፣ «አላርሙ ያለ እንከን ተፈትሾ ቢሆን ኖሮ ከሠራው በላይ ምን ይሠራ ነበር?» ብዬ ነው።

መልሱን የሰጠኝ የአላርሙ መዝገብ ነው። 2:41 የኋላ በሩ መከፈቱን መዘገበ፤ በዚያው ደቂቃ የውስጥ እንቅስቃሴ መለያው ነቃ፣ ሳይረኑ ጮኸ፣ መልእክቱም ክትትል ማዕከሉ ደረሰ። 2:43 ላይ ማዕከሉ ደወለልኝ። የመጨረሻው እንቅስቃሴ የተመዘገበው 2:47 ላይ ነው። ከስርቆቱ በኋላ የመጣው ቴክኒሺያን ባትሪውን፣ መለያዎቹን፣ ሳይረኑንና መስመሩን ፈትሾ፣ አንድም ዕቃ ሳይቀይር ሁሉም እንደሚሠራ በጽሑፍ ሰጠኝ። ባትሪው ሞቶ ወይም አንዱ መለያ ታውሮ ተገኝቶ ቢሆን ክርክሬ እዚያው ያበቃ ነበር።

ሁለተኛ ደብዳቤያቸው መንገድ ቀየረ፦ ጥገናው መቋረጡን ብናውቅ ሱቁን አንሸፍንም ነበር፣ ጉዳዩ ለውሳኔያችን ወሳኝ ነው አሉ። ይህ ሌላ ሕግ ነው። አንድ መረጃ ጥንቁቅ ኢንሹራንስን ያሳስበው እንደነበር የሚመዘነው ውል ሲገባ ወይም ሲታደስ ነው። የእኔ ውል የታደሰው በማርች ነው፤ አላርሙ ደግሞ በፌብሩዋሪ ተፈትሾ ነበር። ስለዚህ ያን ጊዜ የደበቅሁት ነገር የለም፤ በኋላ የተፈጠረው ጉድለት በአንቀጽ 11 ብቻ ይመዘን ብዬ መለስኩ። ውሉ ከዚህ ሕግ የሚያስወጣ አንቀጽ ካለውም፣ ከመፈረሜ በፊት ለእኔ በግልጽ መነገሩን አሳዩኝ አልኩ።

በደብዳቤው ራስጌ «አቤቱታ» ብዬ ጻፍሁ። ኢንሹራንሱ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው፤ ከዚያ እንደኔ ያለ ትንሽ ነጋዴ በስድስት ወር ውስጥ ያለ ክፍያ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን መሄድ ይችላል። እዚያ ሳንደርስ፣ ከራሴ የምችለውን ድርሻ ቀንሰው ከፈሉ።

አሁን ሱቁ የተሰበረበት ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነው፦ የአላርሙን መዝገብ ዛሬውኑ በቴክኒሺያን አስወጣ። የሳጥኑ ማኅደረ ትውስታ ውስን ነው፤ አዲስ ምዝገባ አሮጌውን ይሽረዋል፣ ማስረጃህም አብሮ ይጠፋል።