ላልደረሰኝ ጥሪ የቀረበ ምስጋና

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 30 ቀን 2025)

ለእድራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ ስለተዛወረው ስብሰባ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ የላካችሁት የዋትስአፕ መልእክት እኔ ዘንድ አልደረሰም። ጎረቤቴ ግን ፎርዋርድ አድርጎልኝ አንብቤዋለሁ፤ እነሆ፦

«ሰላም ውድ የእድራችን አባላት። በአዳራሽ እጥረት ምክንያት ስብሰባው ወደ ጥቅምት 15 በ8 ሰዓት ተዛውሯል። ቦታ፦ 7ኛ ስትሪት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። መቅረት ያስቀጣል። ኮሚቴው።»

(የቤት ቁጥሩም ነበረበት፤ ለጎረቤቶቹ ሰላም ስል ትቼዋለሁ።) ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም ያልተሳሳተበት «መቅረት ያስቀጣል» የሚለው ብቻ ነው። ግልጽ የሆነውን ነገር ግልጽ አድርጋችሁ ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። ኮሚቴው ያሰበው የእኛን ጥቅምት 15 ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ። ነገር ግን እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖረ አባል ኦክቶበርን በአማርኛ ሲጠራ «ጥቅምት» ነው የሚለው። ስለዚህ ገሚሱ ኦክቶበር 15 ብሎ ተረዳው፤ እሱ ደግሞ ረቡዕ ነው። አንድ ጋሼ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ረቡዕ ዕለት ሄደው የተቆለፈ በር አንኳኩ። «ቅዳሜ» የምትለው ቃል ብትጨመር ነገሩ ሁሉ ይታረም ነበር፤ ኮሚቴው ግን ቆጣቢ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። «በ8 ሰዓት» የሚለውን በሐበሻ አቆጣጠር ያነበበ ከቀኑ ስምንት፣ ማለትም በአሜሪካኖቹ ሁለት ሰዓት ከሰዓት በኋላ መጣ። በአሜሪካኖቹ ያነበበ ጠዋት ስምንት ላይ መጣ። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ አንድ ወንድማችን «እድር ማታ ነው የሚሆነው» ብሎ ከምሽቱ ስምንት ላይ ደረሰ። አንድ ስብሰባ በሦስት ፈረቃ ያካሄደ ኮሚቴ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ቦታውም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ይህች ከተማ ከካፒቶል ሕንፃ ተነስታ ለአራት ተከፍላለች፦ ኖርዝ ዌስት፣ ኖርዝ ኢስት፣ ሳውዝ ዌስት፣ ሳውዝ ኢስት። 7ኛ ስትሪት በአራቱም አለ፤ አንዱ የቤት ቁጥርም ከአንድ በላይ ቦታ ሊገኝ ይችላል። ታክሲ ነጂ የሆነ አባላችን ይህን በሕልሙም ያውቀዋል፤ አድራሻውን የጻፈልን ግን ታክሲ ነጂ አልነበረም። ኖርዝ ዌስት ተብሎ ባለመጻፉ አንዲት እናት የስልካቸው ካርታ ኖርዝ ኢስት ወስዷቸው የማያውቁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆመው «እድር እዚህ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ባለቤቱ ውኃ ሰጥቶ ሸኝቷቸዋል። እሱንም የክብር አባል አድርጉልኝ።

ይህ ሁሉ ግን መልእክቱ የደረሳቸው ሰዎች ታሪክ ነው። የእኔ ዋና ጉዳይ ያልደረሳቸው ናቸው።

አዲሱ ጸሐፊያችን ሲመረጡ የእድሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ሰለቻቸው። እውነታቸውን ነው፤ ጠዋት የአበባ ሥዕል፣ ቀን የፖለቲካ ጭቅጭቅ፣ ማታ የመድኃኒት ማስታወቂያ። ስለዚህ ግሩፑን ትተው በብሮድካስት መላክ ጀመሩ። ብሮድካስት ማለት አንድ መልእክት ለብዙ ሰው ለየብቻው ሲላክ ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው እንደተጻፈለት ሆኖ ይደርሰዋል፤ መልሱም ወደ ላኪው ብቻ ይመለሳል። አንዱ ዝርዝር እስከ 256 ሰው ይይዛል። እስካሁን መልካም ነው። አንድ ሕግ ግን አለው፦ የላኪውን ቁጥር በስልኩ ላይ ያልመዘገበ ሰው መልእክቱ አይደርሰውም። ላኪው «ላክሁ» ይላል፤ ተቀባዩ ምንም አያይም፤ ማንም ለማንም አይነግርም።

የቀድሞውን ጸሐፊ ቁጥር ሁላችንም «የእድር ጸሐፊ» ብለን መዝግበነዋል። የአዲሱን ግን የመዘገቡት የሰርግ ሚዜዎቻቸው፣ የአገራቸው ልጆችና እሑድ እሑድ ካርታ አብረዋቸው የሚጫወቱት ናቸው። ድሮ በሰፈራችን የእድር ጡሩንባ ነፊ ሲያልፍ ቁጥሩን መዝግቡልኝ አይልም ነበር፤ ጠላቱም ወዳጁም እኩል ይሰማው ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት በሰዓቱ፣ በትክክለኛው 7ኛ ስትሪት የተገኙት እነማን እንደሆኑ መገመት አያዳግትም። ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ሊቀ መንበሩ ግን ደንባችን «ለሁለተኛ ጊዜ የተጠራ ስብሰባ በተገኘው ሰው ይወስናል» ይላል ብለው ስብሰባውን ከፈቱ፤ ወርሃዊ መዋጮውም ከ20 ወደ 30 ዶላር በሙሉ ድምፅ ከፍ አለ። ሙሉ ድምፁ አያስገርመኝም፤ በአንድ ሰው የስልክ ማውጫ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይስማማሉ። የሚያስገርመኝ ግን የተዛወረ ስብሰባ እንዴት ሁለተኛ ጥሪ እንደሆነ ነው። ሁለተኛ ጥሪ የሚባለው መጀመሪያ ተጠርቶ፣ ተሰብስቦ፣ ሰው ሳይሞላ ሲቀር ነው። የእኛ የመጀመሪያው ጥቅምት 8 ሊደረግ ታስቦ ጭራሽ አልተደረገም።

ጸሐፊው የመልእክቱን ስህተት አይተው ማረሚያ መላካቸውን ሰምቻለሁ። በዚያው ዝርዝር፣ ለእነዚያው ሰዎች። የመጀመሪያውን መልእክትም አጥፍተዋል፤ ነገር ግን ጎረቤቴ ለእኔ ያስተላለፈው ቅጂ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ላኪው የራሱን ቢያጠፋ የተላለፈው አብሮ አይጠፋም። «የትኛው 7ኛ ስትሪት ነው?» ብለው የጠየቁም ብዙ ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ለጸሐፊው ብቻ ስለሄደ አንዱ የተመለሰለትን ሌላው አላየም። በዚያ ጸሐፊው በሰለቻቸው ግሩፕ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ጠይቆ፣ አንድ ሰው መልሶ፣ ሁሉም ያነበው ነበር። አስተዳዳሪዎቹ ብቻ እንዲጽፉበት ማድረግም ይቻላል፤ አበባውም ጭቅጭቁም በዚያው ይቆማል።

ማን እንዳልደረሰው ማወቅም ከባድ አይደለም። ጸሐፊው የሚልኩትን መልእክት ጫን አድርገው ይዘው መረጃውን ቢከፍቱ ያነበቡና የደረሳቸው ሰዎች ስም ይዘረዘራል። በሁለቱም ውስጥ የሌለ ሰው አልሰማም። ለሱ ስልክ መደወል ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፦

«ቅዳሜ ኦክቶበር 18 (ጥቅምት 8) ተጠርቶ የነበረው ስብሰባ ቀርቷል። የሚደረገው ቅዳሜ ኦክቶበር 25 (ጥቅምት 15)፣ ከሰዓት በኋላ በአሜሪካ 2 ሰዓት፣ በሐበሻ 8 ሰዓት ነው። ቦታው 7ኛ ስትሪት ኖርዝ ዌስት፣ መግቢያው በኋላ በር። የደረሳችሁ ‹ደረሰኝ› በሉኝ።»

እስከዚያው ድረስ የመዋጮው ውሳኔ እንዲታገድ፣ ስብሰባው በትክክል እንዲጠራ፣ ባለመምጣታቸው የተቀጡ አባላትም 20 ዶላራቸው እንዲመለስላቸው እጠይቃለሁ። ረቡዕ ለሄዱት ጋሼ ደግሞ የቀሩበት የሥራ ቀን ደመወዝ ይታሰብላቸው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አባል

ግልባጭ፦
ለኦዲት ኮሚቴ
የጸሐፊውን ቁጥር ላልመዘገቡ አባላት በሙሉ (በፖስታ)