ከፊት ለፊት የመጣችው መርከብ

ወርቃ ያደገ ሰው ዳገት ያውቃል፣ ጭቃ ያውቃል፣ ዝናብማ አሳምሮ ያውቃል። ወለል ከእግሩ ሥር ሲነሣና ሲወድቅ ግን አያውቅም። እኔ ያወቅሁት በሐምሌ፣ ከጅቡቲ ወደ ህንድ ስንሄድ፣ ሶቆጥራን ካለፍን በኋላ ነው። በዚያ ወር የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የዓረብን ባሕር እንደ ድስት ያንተከትከዋል። እናቴ ጠቅልላ የሰጠችኝ ቆጮ ሆዴ ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ለዓሣ ተሰጥቷል።

ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ባሕሩን የመቃኘት ተራ የእኔ ነበር። እስከዚያ ድረስ ከአንድ አዛውንት ባሕረኛ ጎን ነበር የምቆመው፤ የዚያን ሌሊት ግን ለብቻዬ። ተረኛው መኮንን ከኋላዬ ራዳሩ ጋ ነው፤ የመሪ ክፍሉ መስኮት ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። በዚያ ማዕበል ውጭ መቆም አይፈቀድም። የክፍሉ መብራት ሁሉ ጠፍቷል፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋልና። አንድ እጄ የብረቱን መያዣ አንቋል፤ ሌላው ሆዴን።

ራዳር እያለ ሰው ለምን ይቆማል ትሉ ይሆናል። ማዕበሉ ራሱ ራዳሩ ላይ ነጠብጣብ ይረጫል፤ ትንሽ ጀልባ እዚያ መሃል ትሸሸጋለች።

9 ሰዓት ሲያልፍ ከፊታችን፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ብርሃን ብልጭ አለች። ማዕበል ሸፈናት፤ ተመልሳ ወጣች። ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ። የመርከብ ግራ ጎን ቀይ፣ ቀኝ ጎን አረንጓዴ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ አፍንጫዋን ወዳንተ አዙራ እየመጣች ነው። ደግሞ አቅጣጫዋ ንቅንቅ አይልም፤ ይህ ነው የግጭት ምልክቱ። ትምህርት ቤት የተማርኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሟልቶ መጣ።

«ጋሼ! መርከብ! ልትገጨን ነው!» አልኩ። ሥራ ላይ ጋሼ እንዳልል ሦስት ጊዜ ተመክሬአለሁ።

መኮንኑ ራዳሩን አየ፤ የለችም። መነጽሩን አነሣ፤ ቆየ። ከዚያ በእርጋታ «ጣትህን ዘርጋና ከባሕሩ ጠርዝ ምን ያህል ከፍ እንዳለች ለካ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግመህ ለካ» አለኝ።

ለካሁ። በ10 ደቂቃ አንድ ጣት ተኩል ወደ ሰማይ ወጥታለች። ቀይና አረንጓዴው ጠፍቶ ነጭ ብቻ ቀርቷል፤ ለካ ከባሕሩ ጠርዝ አጠገብ ያለው ወፍራምና የሚናወጥ አየር ነው ብርሃኗን አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ያስመሰለው።

«መርከብህ እየበረረች ነው» አለ መኮንኑ።

አጥቢያ ኮከብ ነበረች! አያቴ ማለዳ እሷን አይታ ነው ለቡና እሳት የምታነድደው፤ እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ያደግሁ ሰው ነኝ።

በማግሥቱ ማታ ተራዬ ሲደርስ አዛውንቱ ባሕረኛ በሩ ላይ ጠበቀኝና፣ «አደራ፣ ጨረቃም ትወጣለች፤ እንዳትደነግጥ» አለኝ።